ፋክቶሪያልና ፓወር አብረው ሲመጡ

በደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢዬን ደርቤ ለፈተና ሳጠና አንድ ሲሪየስ አሳሳተኝ፤ ተርሙ aₙ = 2ⁿ·n!/nⁿ ነው። ኮንቨርጅ ያደርጋል ወይ?

ፋክቶሪያል ሲኖር ሬሾ ቴስት ይቀናል፤ (n+1)! ለ n! ሲካፈል n+1 ብቻ ይቀራልና። እሱም ከታች ካለው (n+1)ⁿ⁺¹ ጋር ሲጣፋ ይህ ይተርፋል፦

aₙ₊₁/aₙ = 2·(n/(n+1))ⁿ

የተሳሳትኩት እዚህ ነው። n/(n+1) ወደ 1 ስለሚሄድ ሊሚቱ 2 ነው፣ ዳይቨርጅ ያደርጋል አልኩ። ግን ፓወሩም n ስለሆነ አብሮ ያድጋል። ቅንፉን ብንገለብጠው (1+1/n)ⁿ ይሆናል፤ ሊሚቱም e ነው። ስለዚህ ሬሾው ወደ 2/e (0.736 ገደማ) ይሄዳል፤ ከ1 ስለሚያንስ ኮንቨርጅ ያደርጋል። የመጀመሪያዎቹን አራት ተርሞች ባሰላ ኖሮ ስህተቴን እጠረጥር ነበር፦ 2፣ 2፣ 1.78፣ 1.5። እየቀነሱ ነው፤ ሊሚቱ 2 ቢሆን ግን ወደ እጥፍ ማደግ ነበረባቸው።

በ2 ፋንታ 3 ብናስገባ 3/e ከ1 ስለሚበልጥ ዳይቨርጅ ያደርጋል። ራሱን e ብናስገባስ? ሊሚቱ 1 ስለሚሆን ቴስቱ መልስ አይሰጥም። ያኔ ሬሾውን ራሱን እንየው፦ (1+1/n)ⁿ ሁልጊዜ ከ e ስለሚያንስ ሬሾው ከ1 ይበልጣል። ተርሞቹ እያደጉ ይሄዳሉ እንጂ ወደ 0 አይወርዱም፤ ስለዚህ ዳይቨርጅ ያደርጋል።