አንድ ገበያ፣ ሁለት ዕድሜ

የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2002 ሦስት ዓመት በተከታታይ ወደቀ። የትላልቅ ኩባንያዎችን ዋጋ የሚያሳየው ኤስ ኤንድ ፒ 500፣ የትርፍ ድርሻው ታስቦለት እንኳ፣ በመጀመሪያው ዓመት 9፣ በሁለተኛው 12፣ በሦስተኛው 22 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ያኔ ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ሁለት ሐበሾችን በምሳሌ እንያዝ። አንዷ ሆስፒታል የምትሠራ የ28 ዓመት ወጣት ናት፤ ሌላው ጡረታ የወጡ የ66 ዓመት አባት ናቸው። ሁለቱም ፎር ኦ ዋን ኬ በሚባለው የመሥሪያ ቤት የጡረታ ቁጠባ ያከማቹትን ገንዘብ በሙሉ አክሲዮን ላይ አድርገዋል።

ወጣቷ በእጇ 10 ሺህ ዶላር አላት፤ በየዓመቱ መጀመሪያ 6 ሺህ ትጨምራለች። በ2002 ማብቂያ ካስገባችው 28 ሺህ ውስጥ የቀራት ወደ 18,800 ብቻ ነው። ሒሳቡን ያየ ሰው ይደነግጣል፤ እሷ ግን በወደቀ ዋጋ እየገዛች ነበር። ያው 6 ሺህ ዶላር ከበፊቱ የበለጠ አክሲዮን ያስገኝላት ነበርና፣ ገበያው ሲያገግም በ2006 ማብቂያ ሒሳቧ 65 ሺህ ደረሰ። እስከዚያ ያስገባችው በጠቅላላ 52 ሺህ ነበር።

አባትየው 300 ሺህ ዶላር አላቸው፤ ከሶሻል ሴኩሪቲው በተጨማሪ ለኑሯቸው በየዓመቱ መጀመሪያ 12 ሺህ ያወጣሉ። በ2002 ማብቂያ 162 ሺህ ቀራቸው። ገበያው በ2006 ከመነሻው ከፍ ብሎ ሳለ የእሳቸው ሒሳብ 216 ሺህ ላይ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ገበያው ሲወድቅም የወር ወጪ አይቀርምና፣ ያንኑ 12 ሺህ ለማግኘት በረከሰ ዋጋ ብዙ አክሲዮን መሸጥ ነበረባቸው። የተሸጠው አክሲዮን ደግሞ ዋጋ ሲያንሰራራ በእጃቸው የለም። ለጡረተኛ ከአማካይ ትርፉ ይልቅ የክፉዎቹ ዓመታት ቅደም ተከተል ይከብዳል፤ ውድቀቱ በጡረታው መጀመሪያ ላይ ከመጣ ጉዳቱ ዕድሜ ልክ ይከተላል።

እኒሁ አባት ገንዘባቸውን 40 በመቶ አክሲዮን፣ 60 በመቶ ደህና ቦንድ አድርገው፣ በየዓመቱ ወደዚያው ድርሻ ቢመልሱት ኖሮስ? በእነዚያ ሦስት ዓመታት የአሜሪካ ቦንዶች በየዓመቱ ከ8 እስከ 12 በመቶ አትርፈዋል። በ2002 ማብቂያ 267 ሺህ፣ በ2006 ማብቂያ ደግሞ ወደ 309 ሺህ ዶላር ይኖራቸው ነበር፤ ያውም በሰባት ዓመት 84 ሺህ አውጥተው። (ግብርና ክፍያ አልቆጠርኩም።)

ታዲያ ጡረተኛው አክሲዮኑን ጭራሽ ለምን አይተወውም? በ66 ዓመታቸው ጡረታ የወጡ ሰው ሌላ ሃያ፣ ሃያ አምስት ዓመት ሊኖሩ ይችላሉ። የዋጋ ንረት በዓመት 3 በመቶ ብቻ ቢሆን እንኳ ዛሬ 100 ዶላር የሚገዛው ዕቃ ከ24 ዓመት በኋላ 200 ይጠይቃል። ቦንድ የሚከፍለው ወለድ በአብዛኛው የተቆረጠ ስለሆነ ከኑሮ ውድነቱ ጋር አብሮ አያድግም። ወጣቷ በተቃራኒው ትልቁ ሀብቷ ገና ያልተቀበለችው የአርባ ዓመት ደመወዝ ነው። ደመወዝ በየወሩ እየገባ እንደ ቦንድ ያገለግላታልና፣ ቁጠባዋን ወደ አክሲዮን ማዘንበል ትችላለች።

ታርጌት ዴት የሚባሉት ፈንዶች ይህን ሽግግር በራሳቸው ይሠራሉ። ስማቸው ላይ ያለው ዓመት ጡረታ የሚወጣበት ነው። ዓመቱ ገና ሩቅ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ 90 በመቶ ያህሉ አክሲዮን ነው፤ ዓመቱ ሲቃረብ ወደ ግማሽ ይወርዳል፣ ከዚያም በኋላ መቀነሱን ይቀጥላል። የዘንድሮ መግለጫዎን ሲከፍቱ የፈንዱን ስም ይዩ፦ 60 የሞላዎት ሰው 2060 የሚል ካገኙ ድርሻው የወጣት ነው፤ 28 ዓመት ሞልቶት ገንዘቡን ሁሉ መኒ ማርኬት ፈንድ ላይ ያስቀመጠ ወጣት ደግሞ የሽማግሌ ድርሻ ይዟል። ሁለቱንም ስሕተቶች አያለሁ፤ ሁለተኛው ቀስ ብሎ ስለሚጎዳ ማንም አይደነግጥበትም።

ቦንድም ሁልጊዜ አያድንም። በ2022 የወለድ መጠን በፍጥነት ሲጨምር አክሲዮኑ 18፣ ቦንዱ 13 በመቶ ገደማ አብረው ወረዱ። ስለዚህ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ወጪያቸውን በባንክ ቁጠባ ወይም በአጭር ጊዜ የመንግሥት ሰነድ የያዙ ጡረተኞች በዚያ ዓመት ምንም መሸጥ አላስፈለጋቸውም። ዕድሜ ብቻም አይወስንም፦ ወጣቷ ከሁለት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ለሚከፈል የቤት ቀብድ የምታጠራቅመው ገንዘብ በ28 ዓመቷም ቢሆን እንደ ጡረተኛ ገንዘብ ከአክሲዮን ውጭ ይቀመጣል። ከጡረታ ሒሳቧ ላውጣው ብትል ደግሞ፣ 59 ዓመት ተኩል ሳይሞላት በአብዛኛው ከገቢ ግብሩ በላይ 10 በመቶ ቅጣት ትከፍላለች።