የቢም ጉብጠትና የጫፎቹ ሁኔታ

ቢም፣ ማለትም ጭነት የሚሸከም የሕንፃ ወይም የድልድይ አግዳሚ፣ ከጭነቱ የተነሣ በየነጥቡ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል የሚያሰላው የኦይለርና የበርኑሊ እኩልታ EI·y'''' = q ሲሆን፣ y ወደ ታች የሚለካው ጉብጠት፣ q በአንድ ሜትር ላይ ያረፈው ጭነት፣ E የቁሱ ግትርነት፣ I ደግሞ የቢሙ መስቀለኛ ቅርጽ መታጠፍን የሚቋቋምበት መጠን ነው። የy የመጀመሪያው ዴሪቬቲቭ የቢሙን ዝንባሌ ይሰጣል፤ ሁለተኛው በEI ሲባዛ ቢሙን የሚያጥፈውን ሞመንት፣ ሦስተኛው ደግሞ ቢሙን አቋርጦ ሊቆርጠው የሚሞክረውን የሸር ኃይል ይገልጻል።

እኩልታው አራት ጊዜ ኢንተግሬት ሲደረግ አራት ያልታወቁ ቋሚ ቁጥሮች ይተርፋሉ፤ እነዚህን የሚወስኑት ከእያንዳንዱ ጫፍ የሚገኙት ሁለት ሁለት የጠርዝ ሁኔታዎች ናቸው። ለምሳሌ 4 ሜትር ርዝመት ያለው፣ በሜትር 10 ኪሎኒውተን ጭነት በእኩል የተዘረጋበትና EI 4000 ኪሎኒውተን-ካሬ ሜትር የሆነ ቢም ግራ ጫፉ በግድግዳ ውስጥ ተቀብሯል፣ ቀኝ ጫፉ ግን በድጋፍ ላይ እንዲሁ ተቀምጧል እንበል። x ከግራ ጫፍ የሚለካው ርቀት፣ L ደግሞ የቢሙ ርዝመት ይሁን። ግድግዳው መውረድንም መዘንበልንም ስለሚከለክል በx = 0 ላይ y = 0 እና y' = 0 ይሆናል፤ ድጋፉ ግን መውረድን ብቻ ከልክሎ መዘንበልን ስለሚፈቅድ በx = L ላይ y = 0 እና y'' = 0 ይሆናል። ከዚህ የሚገኘው መልስ የሚከተለው ነው፦

y = q·x²·(3L² − 5Lx + 2x²) / (48EI)

ከፍተኛው ጉብጠት ከግድግዳው 2.3 ሜትር ገደማ ርቆ 3.5 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን፣ ግድግዳው 25፣ ድጋፉ 15 ኪሎኒውተን ይሸከማሉ።

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በቀኝ ጫፍ ላይ በy'' = 0 ፈንታ y' = 0 በመጻፍ ነው፤ ያን ጊዜ ስሌቱ ሁለቱም ጫፎቹ የተቀበሩ የሌላ ቢም ስሌት ይሆንና ጉብጠቱ ወደ 1.7 ሚሊሜትር ይወርዳል። ስሕተቱን ተንኮለኛ የሚያደርገው ደግሞ የተለመደው ማረጋገጫ፣ ማለትም የድጋፎቹን ኃይል ደምሮ ከጠቅላላው ጭነት ጋር ማመሳከር፣ አለመያዙ ነው፤ 20 እና 20 ሲደመሩም፣ 25 እና 15 ሲደመሩም 40 ኪሎኒውተን ይሆናሉና። የሚዛን ሕግ በእኩልታው ውስጥ አስቀድሞ ስላለ፣ ቋሚዎቹ ምንም ቢሆኑ ድምሩ አይፋለስም። ስለዚህ አስተማማኙ ፍተሻ የተገኘውን y ሁለት ጊዜ ዴሪቬት አድርጎ በድጋፉ ላይ ያለው ሞመንት ዜሮ መሆኑን ማየት ነው፤ በስሕተተኛው መልስ ግን በዚያ ነጥብ ላይ ወደ 13 ኪሎኒውተን-ሜትር የሚጠጋ ሞመንት ይገኛል፣ ይህንንም መዘንበልን የማይከለክል ድጋፍ ሊሰጥ አይችልም።

እኩልታው የሸር ኃይል የሚጨምረውን ጉብጠት ስለማይቆጥር፣ ከርዝመታቸው አንጻር ቁመታቸው ትልቅ ለሆነ አጫጭር ቢሞች የሚሰጠው ጉብጠት ከእውነተኛው ያንሳል።