አንድ ስም በሦስት መዝገብ፦ በአፕወርክ ፕሮፋይል መክፈት፣ ማንነትን ማረጋገጥና ክፍያን መቀበል

በወላይታ ዞን በዲምቱ ተቀምጦ ለውጭ አገር አሠሪ የሚሠራ ፍሪላንሰር በበይነ መረብ የሥራ ገበያ ላይ ስሙን ሦስት ጊዜ ያስመዘግባል። መጀመሪያ ፕሮፋይሉን ሲከፍት፣ ቀጥሎ ማንነቱን ሲያረጋግጥ፣ በመጨረሻም የክፍያ መቀበያውን ሲመርጥ ነው። ሦስቱ መዝገቦች ካልተስማሙ ሥራው ተጠናቅቆና አሠሪው ከፍሎ ሳለ ገንዘቡ ከሠራተኛው እጅ ላይደርስ ይችላል። ይህ ጽሑፍ አፕወርክ የተባለውን ገበያ በምሳሌነት ወስዶ የአለመጣጣሙን ምክንያትና መከላከያውን ያብራራል።

ስሙ የሚለያይበት ምክንያት

ገበያው የሚጠይቀው መጠሪያ ስምና የቤተሰብ ስም ነው። በአገራችን የቤተሰብ ስም የለም፤ ያለው የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው። በመሆኑም አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም በመጨረሻው ሣጥን ያስገባል። በወላይታ ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመራል። ወላይትኛ በላቲን ፊደል የሚጻፍ ሲሆን የረዘመውን አናባቢ በድርብ ፊደል ያሳያል፤ የቋንቋው ስም ራሱ `Wolayttatto Doonaa` ተብሎ ይጻፋል። በዚህ ሥርዓት መጻፍ የለመደ ሰው ዳና የሚለውን ስም `Daana` ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ የባንክ ሠራተኛው ግን `Dana` ብሎ መዝግቦት ይሆናል። ለሰው ዓይን አንድ የሆነው ስም ፊደል በፊደል ለሚያነጻጽር ሥርዓት ሁለት ነው።

የልደት ቀንም እንዲሁ ያሳስታል። ጥር 15 ቀን 1994 ዓ.ም. የተወለደ ተመራቂ ቀኑን ሳይቀይር `15/05/1994` ብሎ ቢያስገባ፣ ገበያው እ.ኤ.አ. ግንቦት 15 ቀን 1994 እንደተወለደ ይቆጥረዋል። ትክክለኛው ቀን እ.ኤ.አ. ጥር 23 ቀን 2002 ነው። በዚህ ስሕተት ብቻ ዕድሜው ከሰባት ዓመት በላይ ይጨምራል፤ ከመታወቂያውም ጋር ይጋጫል።

ከሰነዱ መጀመር

መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። ፕሮፋይል ከመክፈት በፊት ማንነት የሚረጋገጥበትን ሰነድ መምረጥ ይገባል። ፓስፖርት ያለው ሰው ስሙ በላቲን ፊደል፣ የልደት ቀኑም በአውሮፓ አቆጣጠር የታተመ ስለሆነ ይቀለዋል። በአማርኛ ብቻ የተጻፈ የቀበሌ መታወቂያ ግን ለዚህ ሥራ አስተማማኝ አይደለም። ተቀባይነት ያላቸው ሰነዶች ዝርዝር በማረጋገጫው ገጽ ላይ ስለሚታይ በፋይዳም ሆነ በሌላ ሰነድ ለመጠቀም ያሰበ አስቀድሞ ያንን ይመልከት።

ሰነዱ ከተመረጠ በኋላ በላዩ የታተመው አጻጻፍ ወደ ፕሮፋይሉ ፊደል በፊደል ይገለበጣል። ለሕዝብ ክፍት በሆነው ፕሮፋይል ላይ የሚታየው መጠሪያ ስሙና የሁለተኛው ስም የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሙሉ ስም ከመጻፍ ወደኋላ ማለት አይገባም። አገሩም ኢትዮጵያ ተብሎ መሞላት አለበት። የሌላ አገር አድራሻ ማስገባት ወይም በሌላ ሰው ስም በተረጋገጠ አካውንት መሥራት ውሎ አድሮ አካውንቱን ያዘጋል፤ በውስጡ ያለውም ገንዘብ ይታገዳል።

በማረጋገጫው ጊዜ የሰነዱ ፎቶግራፍና የባለቤቱ የፊት ምስል ይጠየቃሉ። የሰነዱ አራት ማዕዘኖች መታየት አለባቸው፤ የመብራት ነጸብራቅ ፊደሉን ከሸፈነው ጥያቄው ውድቅ ሊሆን ይችላል።

ክፍያውን ወዴት?

ፔይፓል በኢትዮጵያ ለተከፈቱ አካውንቶች ለረጅም ጊዜ መላክን እንጂ መቀበልን ሳይፈቅድ ስለቆየ ለዚህ ዓላማ አይታሰብም። የሚቀሩት ዋና አማራጮች ፔዮኒር እና በቀጥታ ወደ ባንክ የሚላክ ዓለም አቀፍ ሐዋላ ናቸው። ፔዮኒር ማንነትን ለብቻው ስለሚያረጋግጥ አራተኛ መዝገብ ይሆናል፤ ስሙ በዚያም መስማማት አለበት። ለባንክ ሐዋላ የሒሳብ ቁጥሩ ብቻ አይበቃም። የባንኩ የስዊፍት ኮድ ያስፈልጋል፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ኮድ `CBETETAA` ነው።

ምርጫው በገንዘቡ መጠን ይወሰናል። ለስሌት ያህል ገበያው ከእያንዳንዱ ገቢ 10 በመቶ፣ ለአንድ ሐዋላ ደግሞ 50 ዶላር ይቆርጣል እንበል። 100 ዶላር ያገኘ ሰው 90 ይቀረዋል፤ ወዲያው በሐዋላ ቢያወጣው እጁ የሚገባው 40 ዶላር ነው። 500 ዶላር እስኪሞላለት የጠበቀ ግን ከ450ው ላይ 50 ተቀንሶ 400 ያገኛል። ስለዚህ ሐዋላን የመረጠ ሰው ገንዘቡን ሳያጠራቅም እንዳያወጣ የክፍያውን መነሻ መጠን ከፍ አድርጎ መወሰን ይኖርበታል።

በባንክ የተመዘገበው አጻጻፍ ከሰነዱ ከተለየ ሰነዱን ይዞ ወደ ባንኩ ቅርንጫፍ በመሄድ ማስተካከል ያስፈልጋል። አዲስ የክፍያ መንገድ ሲጨመር ለደኅንነት ሲባል የጥቂት ቀናት መቆያ አለው። በመሆኑም ይህ ሁሉ ከመጀመሪያው ውል በፊት ቢጠናቀቅ ይመረጣል፤ ገንዘቡ ከተጠራቀመ በኋላ የሚገኝ የአንድ ፊደል ልዩነት እስኪታረም ክፍያውን ያዘገያልና።