«በ3 ሰዓት ይደውሉልኝ» ሲባል፣ የማን 3 ሰዓት?

እዚህ ቡታጅራ፣ በእኛ ሰፈር፣ ነርስነት ተምረው ዱባይ ወይም ሪያድ ላሉ ሆስፒታሎች ማመልከቻ የሚልኩ ልጆች ጥቂት አይደሉም። የልጁ ማስረጃ ከተወደደ መጀመሪያ የሚመጣው ዋናው ፈተና ሳይሆን አንዲት አጭር መልእክት ናት፦ «በሚቀጥለው ሳምንት ለ20 ደቂቃ በስልክ ለመነጋገር የሚመችዎትን ጊዜ ይላኩልን።» ይህን የምትልከው የሠራተኛ መልማይ ናት። ለዚህች መልእክት የሚሰጠው መልስ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ልጅ የሚሰናከለው ግን እዚሁ ላይ ነው።

እኛ ወላጆች «እነሱ እንደመቻቸው በላቸው» ብለን እንመክራለን። በእኛ ዘንድ ይህ ጨዋነት ነው። መልማይዋ ግን በዚያ ሳምንት ብዙ ሰው የምታነጋግር ናት፤ «ማንኛውም ሰዓት ይመቸኛል» የሚል መልስ ሲደርሳት ወይ እንደገና ትጠይቃለች፣ ወይ ልጁ ተረኛ ሆኖ በሽተኛ ሲያገላብጥ ትደውላለች። የምትፈልገው ቀኑ፣ ከስንት እስከ ስንት እንደሆነና ሰዓቱ የየት አገር እንደሆነ ነው።

በቅርቡ የጎረቤቴ ልጅ «ሲስተር፣ እዪልኝ እስቲ» ብላ ለዱባይ የጻፈችውን መልስ አሳየችኝ። «ሰኔ 2፣ ከ8 እስከ 10 ሰዓት» ይላል። እኛ ብናነበው ከሰዓት በኋላ መሆኑ ይገባናል። ዱባይ ላይ ግን 8 ሰዓት ማለት ጠዋት ነው፤ እሷ ደግሞ በዚያ ጠዋት ከአዳር ተረኝነት የምትወጣበት ሰዓት ነው። ቀኑም ችግር አለበት። ሰኔን እንዲሁ ጁን ብሎ መተርጎም የተለመደ ነው፤ ሰኔ 2 ግን ጁን 9 እንጂ ጁን 2 አይደለም። ጁን 2 ያን ጊዜ አልፎ ነበር። እኔ ዋርድ በነበርኩበት ዘመን «መድኃኒቱ በ6 ሰዓት» ተብሎ ከተጻፈ «የቀን ነው የሌሊት?» ሳንል አንሰጥም ነበር። እዚህ ግን ጠያቂ የለም፤ አንባቢዋ በራሷ ሰዓት ተረድታ ታልፋለች።

ስለዚህ ቁጭ ብለን ከተረኝነት ሰሌዳዋ ጀመርን። ሰኞ አዳር ስለሆነች የማክሰኞ ጠዋት ወጣ፤ ተኝታ ስለምትነሳ ከሰዓት በኋላው ገባ። ረቡዕ ዕረፍቷ ነው። በእኛ ሰዓት ላይ 6 ስንጨምር 8 ሰዓት 14:00 ሆነ። ዱባይ ከእኛ በአንድ ሰዓት ስለምትቀድም ያንንም አጠገቡ ጻፍነው። በአማርኛ ሲነበብ እንዲህ ይላል፦

«ማክሰኞ ጁን 9፣ 14:00–16:00 EAT (UTC+3)፣ በዱባይ 15:00–17:00።
ረቡዕ ጁን 10፣ 10:00–12:00 EAT (UTC+3)፣ በዱባይ 11:00–13:00።
ሐሙስ ጁን 11፣ 14:00–16:00 EAT (UTC+3)፣ በዱባይ 15:00–17:00።»

EAT የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ነው። ከሥሩ ስልክ ቁጥሯን አስገባን፤ የመጀመሪያዋ 0 ወጥታ በምትኩ +251 ገባ። ለ20 ደቂቃ ንግግር ሁለት ሁለት ሰዓት መስጠታችን መልማይዋ ከሌሎች ጋር እያቻቻለች እንድትመርጥ ነው። ሦስት ቀን ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሰጠ ሰው ሁሉንም ነጻ አድርጎ መጠበቅ አለበት። ጥሪው ለንደን ካለ ድርጅት ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ በበጋቸው 2፣ በክረምታቸው 3 ሰዓት ነው፤ እነሱ በማርችና በኦክቶበር መጨረሻ ሰዓታቸውን ይቀይራሉ፣ እኛ አንቀይርም።

መልሱ በማግስቱ መጣ፦ ረቡዕ 11:30 በዱባይ። ይህ በEAT 10:30፣ በእኛ ጠዋት 4 ሰዓት ተኩል ነው። ልጅቷም «ረቡዕ ጁን 10፣ 10:30 EAT፣ በዱባይ 11:30፣ እጠብቃለሁ» ብላ አረጋገጠች።

አንድ ነገር ግን ቀርቶ ነበር፤ ስልኳ። ብዙዎቻችን የስልካችንን ሰዓት በእጃችን ወደ ሐበሻ ሰዓት እንመልሳለን። እኩለ ቀን ላይ ስልኩ 6:00 ካለ እንዲያ ተደርጓል ማለት ነው። ለእኛ ይመቻል፤ ነገር ግን ከዱባይ የተላከው የቀጠሮ ማስታወሻ በዚያ ስልክ ላይ የሚጮኸው 6 ሰዓት ዘግይቶ፣ ጥሪው ካለፈ በኋላ ነው። የእሷም እንደዚያው ነበር። ሰዓቱንና የሰዓት ክልሉን «በራሱ» በሚለው ላይ መልሰን፣ የሰዓት ክልሉ GMT+03:00 ማለቱን አየን። ቀጠሮውም ወዲያው 10:30 ላይ ቁጭ አለ።

እናቷ ደግሞ በ+971 የሚጀምር የማያውቁት ቁጥር ሲደወል «የማን አጭበርባሪ ነው» ብለው የሚዘጉ ሴት ናቸው። ረቡዕ ከ4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ስልኩ ከልጅቷ እጅ እንዳይወጣ፣ ቡናውም ከዚያ በኋላ እንዲፈላ ተስማማን።