«ኹጥባው ረዘመ» ለሚል ስም የለሽ ወረቀት ምን ብለን እንመልስ?

በአቃቂ ቃሊቲ በሚገኝ አንድ መስጂድ በአስተያየት መስጫው ሳጥን ውስጥ የገባች ወረቀት ነበረች። ከደብተር የተቀደደች ናት፤ ስም የላትም። እንዲህ ትላለች፦ «የጁሙዓ ኹጥባ በጣም እየረዘመ ነው። ሥራ ቦታ በየሳምንቱ አረፍዳለሁ። ባለፈው ዓርብ ሶላቱን ሳልጨርስ ልወጣ ምንም አልቀረኝም።»

ኮሚቴው ወረቀቷን ሲያነብ መጀመሪያ የመጡት መልሶች የተለመዱ ናቸው። አንዱ «ኳስ ለማየት ሁለት ሰዓት የሚቀመጥ ሰው ለኹጥባ ግማሽ ሰዓት ከበደው?» አለ። ሌላው «ሌላው ጀመዓ ወዶታል፤ ይህ የአንድ ሰው ሐሳብ ነው» አለ። ሦስተኛው የእጅ ጽሑፉን አስተውሎ ጸሐፊውን ለመገመት ሞከረ። ሦስቱም መልሶች የሚናገሩት ስለ ሰውየው ነው። ወረቀቷ ግን የምትናገረው ስለ ሰዓት ነው።

መልስ ከመጻፍ በፊት ሰውየው ለምን ስሙን እንዳልጻፈ ማሰብ ይጠቅማል። ኢማሙ ኹጥባ ላይ ሳለ ጎኑ ያለውን ሰው «ዝም በል» ያለ እንኳ ከንቱ ንግግር እንደተናገረ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ተነግሮናል። ስለዚህ የኹጥባ አድማጭ እጁን አያወጣም፤ «ሰዓት ደረሰ» አይልም። ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ግዴታው ነው። ከሶላት በኋላ ደግሞ ወደ ሥራው ይሮጣል። ይህ ሰው መናገር የሚችልበት የቀረው ቦታ ሳጥኑ ብቻ ነው። ስም አለመጻፉን እንደ ፈሪነት መቁጠር ተገቢ አይደለም።

ተመሳሳይ አቤቱታ በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ቀርቦ ነበር። አቡ መስዑድ አል-አንሷሪ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት አንድ ሰው መጥቶ፣ እገሌ ሶላቱን ስለሚያስረዝምብን ከሱብሒ ሶላት እቀራለሁ ሲል ተናገረ። አቡ መስዑድ ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) በምክር ላይ ሳሉ እንደዚያ ቀን ተቆጥተው አላየኋቸውም ይላሉ። የተቆጡት ግን በአቤት ባዩ ላይ አልነበረም። ኢማንህ ደክሟል አላሉትም። ንግግራቸው ለሁሉም ሰው ነበር፤ ከእናንተ ውስጥ ሰዎችን የሚያሸሹ አሉ፣ ሰዎችን የሚያሰግድ ያሳጥር፣ ከኋላው ደካማ፣ ሽማግሌና ጉዳይ ያለው አለና የሚል መልእክት ያለው ነው። በዚህ ዘገባ ውስጥ አቤት ባዩም፣ አስረዛሚ የተባለው ኢማምም በስም አልተጠሩም።

የሙዓዝ ኢብን ጀበል (ረ.ዐ) ታሪክ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨምርልናል። ጃቢር (ረ.ዐ) እንደዘገቡት አንድ ሰው ውኃ የሚጫኑ ሁለት ግመሎቹን እየነዳ፣ ከቀን ሥራው ሲመለስ መሽቶ ነበር። ሙዓዝ ሲያሰግዱ አገኘና ከኋላቸው ቆመ። ሙዓዝ ረጅም ሱራ ጀመሩ፤ ዘገባው በቀራን ወይም ኒሳእን ይላል። ሰውየው ትቶ ሄደ። ሙዓዝም ስለ እርሱ ክፉ መናገራቸውን ሲሰማ ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሄዶ አቤት አለ። ነብዩም ሙዓዝን ሰዎችን ፈተና ላይ ትጥላለህን እያሉ ደጋግመው ገሠጿቸው። በዚያም አላበቁም፤ የትኞቹን ሱራዎች ቢያነቡ እንደሚበቃ ነገሯቸው፦ አል-አዕላ፣ አሽ-ሸምስና አል-ለይል። በቀራ 286 አያት አላት። እነዚህ ሦስቱ ግን 19፣ 15 እና 21 ናቸው። «ትንሽ አሳጥር» ተብሎ የታለፈ ምክር አይደለም፤ ልኩ ተነገረ። ለወረቀቷ የሚሰጠው መልስም «አስተያየቱን ተቀብለናል» ብቻ ከሆነ የሰውየውን ዓርብ አይለውጥም።

ልክ ለመናገር መጀመሪያ መለካት ያስፈልጋል። ጸሐፊው «ኹጥባ» ሲል ምን ማለቱ ነው? በብዙ መስጂዶቻችን ዓርብ ቀን ከኹጥባው በፊት በአማርኛ ትምህርት ይሰጣል። ከዚያ አዛን፣ ሁለቱ ኹጥባዎች፣ አንዳንዴ ማስታወቂያና የመዋጮ ጥሪ፣ በመጨረሻም ሶላቱ ይከተላሉ። በሩ ላይ ሰዓቱን ለሚያይ ሠራተኛ ይህ ሁሉ «ኹጥባ» ነው። ኢማሙ ደግሞ «እኔ የተናገርኩት ጥቂት ነው» ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ሰዎች የሚቆጥሩት የተለያየ ነገር ነው።

ኮሚቴው በየካቲት ወር አራት ዓርቦችን ለካ። የሶላት ወቅቱ የሚገባው 6፡39 አካባቢ ነው። ትምህርቱ ከወቅቱ አልፎ በአማካይ 12 ደቂቃ ይወስዳል። ሁለቱ ኹጥባዎች 24 ደቂቃ፣ በኹጥባውና በኢቃማው መካከል የሚነገረው ማስታወቂያ 6 ደቂቃ፣ ሶላቱ 7 ደቂቃ። ድምሩ 49 ደቂቃ ነው፤ ሰላምታው የሚወጣው 7፡28 ላይ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የዓርብ ዕረፍት እንደተለመደው ከ5፡30 እስከ 7፡30 ነው። ሁለት ደቂቃ ጫማ ለመፈለግ እንኳ አይበቃም።

እዚህ ላይ ኮሚቴው ያላሰበው ነገር ተገኘ። የዙህር ወቅት ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም። በእኛ አካባቢ በጥቅምት መጨረሻ 6፡09 አካባቢ ይገባል፤ በየካቲት መጀመሪያ ደግሞ 6፡39 አካባቢ። ልዩነቱ ግማሽ ሰዓት ነው። ያው 49 ደቂቃ በጥቅምት ሰውየውን 7፡00 ሳይሞላ ይለቀዋል፤ በየካቲት ግን ያስረፍደዋል። ስለዚህ ኢማሙ «ከድሮው አላስረዘምኩም» ቢል ልክ ነው፤ ሰውየው «ማርፈድ ጀመርኩ» ቢልም ልክ ነው። ሳይለኩ ቢከራከሩ ግን አንዱ ሌላውን ውሸታም ያደርገዋል።

ምን ይቀነስ? ኹጥባው የማይቀነሱ ክፍሎች አሉት። በሻፊዒያ መዝሀብ ለምሳሌ አላህን ማመስገን፣ በነብዩ ላይ ሶለዋት ማውረድና በተቅዋ መምከር በሁለቱም ኹጥባ፣ ከቁርኣን አያ ማንበብ ከሁለቱ በአንዱ፣ ለምእመናን ዱዓ ማድረግ በሁለተኛው ማዕዘናት ናቸው። እነዚህ የሚፈጁት ጥቂት ደቂቃ ነው። የቀረው በኸጢቡ እጅ ነው። ሐዲሱ ግን በደቂቃ የተወሰነ ልክ አላስቀመጠም፤ «15 ደቂቃ ሱና ነው» ማለት አይቻልም። 15 ደቂቃ የዚህ መስጂድ ሰዎች ከሥራቸው ሰዓት አንጻር የመረጡት ልክ ነው፤ መልሱም እንደዚያ ብሎ ሊናገር ይገባል።

ከምክክሩ በኋላ የተጻፈው መልስ ይህ ነው፦

«ስለ ጁሙዓ ርዝመት ለጻፍክልን ወይም ለጻፍሽልን፤ አሰላሙ ዐለይኩም። አራት ዓርቦችን ለካን። ከአዛን ወቅት እስከ ሰላምታ 49 ደቂቃ ይወስዳል፤ በዚህ ወር የምንጨርሰው 7፡28 ነው። 7፡30 ሥራ የሚገባ ሰው እንዲያረፍድ አድርገናል፤ አፉ በሉን። ከመጪው ዓርብ ጀምሮ ትምህርቱ ወቅቱ ሲገባ ይቆማል። ሁለቱ ኹጥባዎች ከ15 ደቂቃ አያልፉም። ማስታወቂያ ከሶላት በኋላ ይሆናል። 7፡01 አካባቢ እንጨርሳለን ኢንሻአላህ። የምሳ ዕረፍታቸው 7፡00 ላይ ለሚያልቅ የፋብሪካ ሠራተኞች ይህ እንደማይበቃ እናውቃለን፤ ስለ እነርሱ ከአሠሪዎች ጋር ለመነጋገር ማን የት እንደሚሠራ በሳጥኑ ንገሩን። ካረዘምን ደግማችሁ ጻፉልን።»

መልሱ የጀመረው በምክንያት ሳይሆን በተለካው ነገር ነው። ይቅርታው «ከተቀየማችሁ» የሚል ቅድመ ሁኔታ የለውም። የማይፈታውን ችግርም ደብቆ አላለፈም። ስለ ጸሐፊው ማንነትና ስለ ኢማኑ አንድም ቃል የለበትም።

የት ይነበብ? ኮሚቴው መጀመሪያ ያሰበው ከሶላት በኋላ በድምፅ ማጉያ ነበር። ይሁን እንጂ ወረቀቷን የጻፈው ሰው ሰላምታው እንደወጣ ቀድሞ የሚወጣው ነው፤ ለእርሱ የተጻፈውን መልስ ሌላው ሰው ሁሉ ሲሰማ እርሱ ብቻ ያመልጠዋል። ስለዚህ በትልቅ ፊደል ተጽፎ ጫማ መደርደሪያው አጠገብ ተለጠፈ።

ቃሉን መጠበቅ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። በዚህ መስጂድ የግድግዳ ሰዓቱ የተሰቀለው በቂብላው በኩል ነው። ጀመዓው ሁሉ ያየዋል፤ ሚንበር ላይ የቆመው ኸጢብ ግን ጀርባውን ሰጥቶታል። ሌላ ሰዓት ኋላ ባለው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ኢማሙም አንድ ርዕስ ብቻ መርጠው፣ ቤት ውስጥ ድምፃቸውን አውጥተው በሰዓት መለማመድ ጀመሩ። የመጀመሪያው ሳምንት 19 ደቂቃ ሆነ፣ ሦስተኛው 15። አራት ደቂቃ ያለፈበትን ሳምንትም ኮሚቴው በዚያው ወረቀት ግርጌ ጻፈው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሌላ ወረቀት መጣ፦ «ኹጥባው አጠረ፤ ሳንጠግብ እንወጣለን።» ይህም ጥንታዊ አቤቱታ ነው። ዓማር ኢብን ያሲር (ረ.ዐ) አጭርና ምጡቅ ኹጥባ አድርገው ሲወርዱ ሰዎች ትንሽ ቢያስረዝሙት ኖሮ አሏቸው። ዓማርም የሰውዬው ሶላት መርዘምና ኹጥባው ማጠር የማስተዋሉ ምልክት መሆኑን ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስማታቸውን ነገሯቸው፤ ሙስሊም ዘግበውታል። ሰዎቹን አልገሠጹም፤ ምክንያታቸውን ተናገሩ እንጂ። ኮሚቴውም ለሁለተኛው ጸሐፊ መልሱን ከመጀመሪያው ጎን ለጠፈ፦ ኹጥባው ያጠረው ሠራተኛው ሶላቱን ሳይጨርስ እንዳይወጣ ነው፤ ትምህርቱ ግን አልተቀነሰም፣ ዘወትር ዓርብ 6፡00 ይጀመራል፤ የሚችል ቀደም ብሎ ይምጣ።

ወላሁ አዕለም።