የቢሮ ኔትወርክ ንድፍ፦ አንድ መስመር ብናጠፋ ማን ይቋረጣል?

አሥር ሠራተኞች ያሉት አንድ አነስተኛ የሒሳብ ሥራ ቢሮ እናስብ። ክፍሎቹ ሦስት ናቸው፦ የኢንተርኔት መስመሩ የሚገባበት እንግዳ መቀበያ፣ የሒሳብ ክፍሉ እና የሥራ አስኪያጁ ክፍል። አሥር ኮምፒውተሮች፣ ሁለት ፕሪንተሮችና የደንበኞች ፋይል የሚቀመጥበት አንድ ሰርቨር አለ፤ በድምሩ 13 ዕቃዎች። የግብር ማሳወቂያ ጊዜ ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩ አልከፈት ቢል፣ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ገመድ ከመጎተት በፊት መታየት ያለበት አንድ ወረቀት አለ። እሱም የኔትወርክ ቶፖሎጂ ንድፍ ይባላል።

ንድፉ የቢሮውን ግድግዳና ርቀት አያሳይም። የሚያሳየው ማን ከማን ጋር እንደተያያዘ ብቻ ነው። ስለዚህ ሲያነቡት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ይህን መስመር በላጲስ ባጠፋው ማን ከማን ይለያያል?

ኮከቡ

በኮከብ ቅርጽ፣ ማለትም በስታር፣ እያንዳንዱ ዕቃ በራሱ ገመድ ወደ አንድ መሀል ይሄዳል። መሀል ላይ ያለው ስዊች ነው። ስዊች በአንድ ቢሮ ውስጥ ያሉ ዕቃዎችን እርስ በርስ ያገናኛል፤ ራውተር ደግሞ ያንን የቢሮ ኔትወርክ ከውጭው ኢንተርኔት ጋር ያገናኛል። ሁለቱን አታምታቱ፤ በንድፍ ላይም ስዊቹን በአራት ማዕዘን፣ ራውተሩን በክብ መሣል የተለመደ ነው።

በእኛ ቢሮ በየክፍሉ አንድ ስዊች አለ እንበል። ስ1 እንግዳ መቀበያው ውስጥ ከራውተሩ ጋር ተያይዟል፤ የሒሳብ ክፍሉ ስ2 እና የሥራ አስኪያጁ ስ3 እያንዳንዳቸው በአንድ ገመድ ወደ ስ1 ይመጣሉ። ሰርቨሩ ያለው ስ2 ላይ ነው። አሁን ላጲሱን እናንሳ። የአንድ ኮምፒውተር ገመድ ቢበጠስ ያ ኮምፒውተር ብቻ ይቋረጣል፣ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። የኮከብ ጥቅሙ ይህ ነው።

በስ1 እና በስ2 መካከል ያለው ገመድ ቢበጠስስ? የሒሳብ ክፍሉ ኢንተርኔት ያጣል፤ ግን ሰርቨሩ እዚያው ስዊች ላይ ስለሆነ ፋይሎቹን መክፈቱን ይቀጥላል። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ በተቃራኒው ኢንተርኔት አለው፣ ሰርቨሩን ግን አያገኘውም። አያችሁ፣ ስለ አንድ ብልሽት ሁለት ክፍሎች ሁለት የተለያየ አቤቱታ ያመጣሉ። ንድፉ በእጁ ያለ ሰው ግን ሁለቱን አቤቱታዎች አጋጥሞ ጣቱን በቀጥታ በዚያ ገመድ ላይ ያሳርፋል።

ሜሹ

በሜሽ ቅርጽ ዕቃዎቹ እርስ በርስ በብዙ መንገድ ይያያዛሉ። 13ቱንም ዕቃዎች ሁሉንም ከሁሉም ጋር እናያይዝ ብንል 13 × 12 ÷ 2፣ ማለትም 78 ገመድ ያስፈልገናል፤ እያንዳንዱ ኮምፒውተርም 12 የገመድ መሰኪያ ይፈልጋል። ይህን የሚያደርግ ቢሮ የለም። ሦስቱን ስዊቾች ብቻ ማያያዝ ግን ቀላል ነው፤ 3 ገመድ ይበቃል። ሁለቱ ቀድሞም አሉን፤ ከስ2 ወደ ስ3 አንድ ስንጨምር ሦስት ማዕዘን ይሆናል።

```
      ኢንተርኔት
         |
    ራ1  192.168.10.1
         |
    ስ1  192.168.10.2
      /       \
    ስ2 - - - - ስ3
 192.168.10.3   192.168.10.4
```

ከሦስቱ የትኛውም መስመር ቢጠፋ መንገድ አይጠፋም፤ መልእክቱ በሌላኛው በኩል ዞሮ ይደርሳል። ስ1 ራሱ ቢቃጠል እንኳ ሥራ አስኪያጁ ሰርቨሩን ያገኛል። ኢንተርኔቱ ግን ይቋረጣል፣ ምክንያቱም ራውተሩ የተያያዘው ከስ1 ጋር ብቻ ነው። ሜሽ የሚያድነው ሁለተኛ መንገድ የተሠራለትን ብቻ ነው።

ታዲያ ለምን ሁሉም እንዲህ አያደርግም? ሦስት ማዕዘኑ ክብ መንገድ ስለሚፈጥር ነው። አንድ ኮምፒውተር ራውተሩን ሲፈልግ "192.168.10.1 ማነው?" ብሎ ለሁሉም ይጠይቃል። ስዊች እንዲህ ያለውን ጥሪ ከመጣበት በስተቀር በሁሉም መሰኪያዎቹ ያስተላልፋል። በክብ መንገድ ላይ ጥሪው ከስ1 ወደ ስ2፣ ከስ2 ወደ ስ3፣ ተመልሶም ወደ ስ1 ይዞራል። በስዊቾች መካከል የሚጓዘው ጥቅል ስንት ጊዜ እንደዞረ የሚቆጥር ምንም ነገር ስለሌለው ማብቂያ የለውም። በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ የሚዞሩ ጥሪዎች መስመሩን ሞልተው ቢሮው በሙሉ ይቆማል።

ለዚህ መፍትሔ ያበጀችው ራዲያ ፐርልማን ናት፤ በ1985 ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ውስጥ ስትሠራ ስፓኒንግ ትሪ የተባለውን ስልት ነደፈች። ስዊቾቹ እርስ በርስ ተነጋግረው አንዱን ዋና አድርገው ይመርጣሉ፤ ክቡን የሚዘጋውን ትርፍ መስመርም ለጊዜው ያግዱታል። በእኛ ንድፍ ስ1ን ዋና እንዲሆን ብናስተካክለው የሚታገደው የስ2 እና የስ3 መስመር ነው፤ በነጠብጣብ የተሣለውም ለዚህ ነው። ሌላ መስመር ሲበጠስ እሱ ይከፈታል። የድሮው ስልት ለመቀያየር ከ30 እስከ 50 ሰከንድ ይወስዳል፤ አዲሱ፣ በስዊቹ የማስተካከያ ገጽ ላይ RSTP ተብሎ የሚታየው፣ ብዙ ጊዜ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ይጨርሳል።

ልብ በሉ፣ ብዙዎቹ ርካሽ፣ የማስተካከያ ገጽ የሌላቸው ስዊቾች ይህን አያውቁም። በእነሱ ሦስት ማዕዘን መሥራት ቢሮውን ራስ ማጥፋት ነው፤ ከኮከቡ አትውጡ። አንድ ሰው ተንጠልጥሎ ያገኘውን ገመድ ሁለቱንም ጫፍ እዚያው ስዊች ላይ ቢሰካም ውጤቱ ያው ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ የስዊቹ መብራቶች ሁሉም በአንድ ላይ ያለ ዕረፍት ይርገበገባሉ፣ ማንም ራውተሩን እንኳ አያገኝም። ያን ጊዜ ንድፉን ይዛችሁ በወረቀቱ ላይ የሌለውን ገመድ ፈልጉ። እሱን ስትነቅሉት መብራቶቹ ወዲያው ይረጋጋሉ።

አድራሻዎቹ

በንድፉ ላይ ከስም ጎን አድራሻ ይጻፋል። ራውተሩ .1፣ ስዊቾቹ ከ.2 እስከ .4፣ ሰርቨሩ .10፣ ፕሪንተሮቹ .20 እና .21 ይሁኑ። እነዚህ የማይቀያየሩ ናቸው። ለኮምፒውተሮቹ ራውተሩ ራሱ ከ.100 እስከ .199 ካለው ያድላቸዋል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዳቸው መጻፍ አያስፈልግም፣ የሚታደለውን ክልል መጻፍ በቂ ነው። ለገመዶቹም በሁለቱም ጫፍ "ስ2-07" ዓይነት መለያ ለጥፉባቸው፤ ስዊች 2፣ መሰኪያ 7 ማለት ነው።

የተለመደው ስህተት ለፕሪንተር በእጅ .105 መስጠት ነው። አንድ ቀን ራውተሩ ያንኑ ቁጥር ለአንድ ላፕቶፕ ሊያድለው ይችላል፤ ከዚያ ፕሪንተሩ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ እንቢ ይላል። ለማረጋገጥ ፕሪንተሩን አጥፍታችሁ ከሌላ ኮምፒውተር እንዲህ ጻፉ፦

```
ping 192.168.10.105
arp -a
```

ፕሪንተሩ ጠፍቶ ሳለ መልስ ከመጣ አድራሻውን ሌላ ዕቃ ይዞታል። ሁለተኛው ትእዛዝ የዚያን ዕቃ የካርድ ቁጥር ያሳያችኋል። መልስ ካልመጣ ግን ነፃ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ፤ አንዳንድ ኮምፒውተሮች ለዚህ ጥያቄ እንዳይመልሱ ተደርገው የተስተካከሉ ናቸው። መፍትሔው ፕሪንተሩን ከሚታደለው ክልል ውጪ ወደ .20 መመለስና በንድፉ ላይ ቀኑን ጽፎ ማረም ነው። ገመድ ተቀይሮ ወረቀቱ ካልተቀየረ በሚቀጥለው ብልሽት ላጲሱ የሚያጠፋው የሌለ መስመር ይሆናል።