ልጅ ይዞ ለብቻ መጓዝ፦ ከፓስፖርቱ ሌላ የሚያስፈልጉ ወረቀቶች

«ልጁ ያንቺ ነው?» የሚለው ጥያቄ ለሐበሻ እናት ከሌላው ቶሎ ይመጣባታል። ምክንያቱ የስም አጠራራችን ነው። እናት ስታገባ ስሟን አትቀይርም፤ በአባቷ ስም እንደተጠራች ትኖራለች። ልጁ ደግሞ የአባቱን ስም ይይዛል። ዳዊት ተሰማ የሚባል አባት ልጁን አሜሪካ ውስጥ «ናሆም ዳዊት» ብሎ ቢያስመዘግብ፣ የልጁ የመጨረሻ ስም «ዳዊት»፣ የአባቱ «ተሰማ»፣ የእናቱ ደግሞ «በቀለ» ይሆናል። ሦስቱም የአንድ ቤት ሰዎች ናቸው፤ ፓስፖርታቸው ላይ ግን አንዱ ከሌላው ጋር አይገናኝም። ቤተሰብን በመጨረሻ ስም መለየት የለመደ የድንበር ሠራተኛ ይህን አያውቅም፤ እንዲያውቅም አይጠበቅበትም። የሚያስረዱት ወረቀቶች ናቸው።

በትርጉም ሥራዬ ብዙ ወላጆች እነዚህን ወረቀቶች ይዘው ይመጣሉ። በብዛት የማየው ስህተት ሁሉንም እንደ አንድ መቁጠር ነው። የልደት ምስክር ወረቀት ልጁ የማን እንደሆነ ይናገራል። የፍርድ ቤት ውሳኔ ስለ ልጁ የመወሰን ሥልጣን ያለው ማን እንደሆነ ይናገራል። የፈቃድ ደብዳቤ ደግሞ የቀረው ወላጅ ይህንን አንድ ጉዞ ማወቁንና መስማማቱን ይናገራል። አንዱ የሌላውን ቦታ አይሸፍንም። አሜሪካ ላይ ይህን ሁሉ የሚቀድም አራተኛ ወረቀት አለ፤ እሱም ፓስፖርቱ እንዲወጣ የሚሰጠው ፈቃድ ነው።

አንድ ጉዞ ይዘን እንሂድ። እናት ቨርጂኒያ ትኖራለች፤ አባት ከፍቺው በኋላ ሥራ አግኝቶ ዳላስ ገብቷል። ልጁ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አሜሪካ ተወልዷል። እናት ለገና አዲስ አበባ ወስዳ ለአያቶቹ ልታሳየው ትፈልጋለች። ልጁ ፓስፖርት ኖሮት አያውቅም።

በአሜሪካ ሕግ ዕድሜው ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ፓስፖርት ሲጠየቅ ሁለቱም ወላጆች በአካል መቅረብ አለባቸው። መቅረብ ያልቻለው DS-3053 የሚባለውን ፎርም ሞልቶ በኖተሪ ፊት ይፈርማል፤ ለኖተሪው ያሳየውን መታወቂያም በፊትና በጀርባ ፎቶ ኮፒ አድርጎ አብሮ ይልካል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ፎርሙን ቤት ፈርሞ ኖተሪ ዘንድ መውሰድ አይሠራም፤ ፊርማው ኖተሪው እያየ መፈረም አለበት። የመታወቂያውን ጀርባ ኮፒ ማድረግም በብዛት ይረሳል። የተፈረመበት ፎርም ደግሞ የሚያገለግለው ለሦስት ወር ነው። አባትየው ቅን ሆኖ በሰኔ ፈርሞ ቢልክና እናትየው በጥቅምት ይዛው ብትቀርብ ፎርሙ ጊዜው አልፎበታል፤ እንደገና መለመን ሊኖር ነው። የልጅ ፓስፖርት አምስት ዓመት ብቻ ስለሚያገለግል፣ ይኸው ሥራ ልጁ 16 ዓመት ሳይሞላው ሌላ ጊዜ ይመለሳል።

ፓስፖርቱ ወጣ እንበል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «አባትየው ፈቅዷል፤ አለቀ» ይላል። አላለቀም። ለፓስፖርቱ የተሰጠው ፈቃድ ፓስፖርት ለማውጣት ነው፤ ልጁን በታኅሣሥ ኢትዮጵያ ወስዶ ለመመለስ የተሰጠ አይደለም። ለጉዞው ለብቻው ደብዳቤ ያስፈልጋል። አሜሪካ ይህን ደብዳቤ በሕግ አታስገድድም፤ የጉምሩክና የድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ግን ወላጆች እንዲይዙት፣ በኖተሪ እንዲረጋገጥና በእንግሊዝኛ እንዲጻፍ አጥብቆ ይመክራል። ብዙ ጊዜ ማንም አይጠይቅም። ሲጠየቅ ግን ምሽት ላይ፣ ረጅም በረራ የደከመው ልጅ ክንድ ላይ ተኝቶ፣ አባትየው ስልክ በማያነሳበት ሰዓት ሊሆን ይችላል።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይበልጥም። የልጁ ሙሉ ስም ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ፣ የተወለደበት ቀንና ቦታ፣ የፓስፖርት ቁጥሩ ይጻፋል። ከዚያ አብራው የምትጓዘው እናት ስምና ፓስፖርት ቁጥር፣ ቀጥሎ የሚፈቅደው አባት ስም፣ አድራሻና ስልክ። የስልክ ቁጥሩ እንዲሁ ለሥርዓት አይደለም፤ ተጠራጣሪ ሠራተኛ ሊደውልበት ይችላልና በጉዞው ቀን የሚነሳ ስልክ ይሁን። የመሄጃና የመመለሻ ቀን፣ የሚያርፉበት ቤት አድራሻ፣ የሚያልፉባቸው አገሮች ይገባሉ። «ልጄ ከእናቱ ጋር ወደ ውጭ አገር እንዲሄድ ፈቅጃለሁ» ብቻ ብሎ ቀንና አገር የማይጠቅስ ደብዳቤ ደካማ ነው፤ ለዘንድሮም ለከርሞም ለየትኛውም አገር የሚሆን ወረቀት ያነበበውን ሰው አያሳምንም። እኔ ሁልጊዜ አንድ ዐረፍተ ነገር እንዲጨመር እመክራለሁ፦ ልጁ ቢታመም እናቱ ሕክምናውን በሚመለከት ልትወስን እንደምትችል።

የስም አጻጻፍ ላይ ትንሽ ልቆይ። «ተሰማ» ፓስፖርት ላይ በአንድ ኤስ፣ መንጃ ፈቃድ ላይ በሁለት ኤስ ተጽፎ አይቻለሁ። እኛ ስናነበው አንድ ነው፤ ኖተሪው ግን መታወቂያውና ደብዳቤው ላይ ያለው ስም ፊደል በፊደል ካልገጠመለት ሊመልሰው ይችላል። ደብዳቤው መጻፍ ያለበት አባትየው ለኖተሪው በሚያሳየው መታወቂያ አጻጻፍ ነው፤ የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ በሌላ አጻጻፍ ካለ ሁለቱንም በአንድ ዐረፍተ ነገር ማያያዝ ነው። ከኢትዮጵያ የመጣ የልደት ምስክር ወረቀት ሲሆን ደግሞ ቀኑን ማየት ያስፈልጋል። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ቀን ወደ ፈረንጅ ሲለወጥ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ልዩነቱ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ነው። ሁሉንም በስምንት ያሰላ ሰው የልጁን ዕድሜ በአንድ ዓመት ያዛባል፤ ወረቀቱና ፓስፖርቱም አይገጥሙም።

የኖተሪን ነገርም ብዙ ሰው ከሥራው በላይ ይገምተዋል። የአሜሪካ ኖተሪ ማኅተም የሚያረጋግጠው የፈረመው ሰው ማንነቱን አሳይቶ በፈቃዱ መፈረሙን ነው። ደብዳቤው ውስጥ ያለው እውነት ይሁን አይሁን፣ ፈራሚው ስለ ልጁ የመወሰን ሥልጣን ይኑረው አይኑረው አይመረምርም። አገር ቤት «ውልና ማስረጃ» የምንለው፣ የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት፣ ከዚህ ሰፋ ያለ ሥራ አለው፤ ሠራተኛው ሰነዱ ከሕግ ጋር የማይቃረን መሆኑንም ያያል። አባትየው አዲስ አበባ ከሆነ እዚያ በአካል ቀርቦ ሊፈርም ይችላል፤ ሰነዱ ውጭ አገር የሚቀርብ ከሆነ ተተርጉሞ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ ሊኖርበት ይችላል። ለአሜሪካ ፓስፖርት የሚሆነውን DS-3053 ግን አሜሪካ ኤምባሲ ቀርቦ በቆንስላ ሠራተኛ ፊት ቢፈርመው ይሻላል።

የፍርድ ቤቱ ወረቀት ከሁሉም በጥንቃቄ መነበብ ያለበት ነው። «ልጁ ከእኔ ጋር እንዲኖር ተፈርዶልኛል» የምትል እናት ብዙ ጊዜ እጇ ላይ ያለው ፊዚካል ከስተዲ፣ ማለትም ልጁ በማን ቤት እንደሚያድር የሚወስነው ነው። ትምህርቱን፣ ሕክምናውንና ፓስፖርቱን የሚመለከተው ሊጋል ከስተዲ ግን የጋራ ሊሆን ይችላል። የጋራ ከሆነ የአባቱ ፈቃድ አይቀርም። ብቸኛ ሊጋል ከስተዲ ያላት፣ ወይም ውሳኔው ፓስፖርት እንድታወጣ በግልጽ የፈቀደላት እናት ግን ያለ አባት ፊርማ ልታመለክት ትችላለች። ውሳኔው ውስጥ «ልጁ ያለ ሌላው ወላጅ ፈቃድ ከክፍለ ግዛቱ አይወጣም» የሚል አንቀጽ መኖር አለመኖሩንም ከቲኬቱ በፊት ማየት ነው። አባትየው የሞተ ከሆነ የሞት ምስክር ወረቀት፣ የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ የእናት ስም ብቻ ካለ ያው የልደት ምስክር ወረቀት ይበቃል። አባትየውን ፈልጋ ያጣች እናት ደግሞ DS-5525 በሚባለው ፎርም የፈለገችበትን መንገድ ዘርዝራ ታስረዳለች።

አባትየው እምቢ ቢልስ? እምቢታን ሁልጊዜ ክፋት አድርጎ ማየት ልክ አይመስለኝም። በ1980 የወጣው የሄግ ስምምነት፣ ያለ አንዱ ወላጅ ፈቃድ ወደ ሌላ አባል አገር የተወሰደ ወይም እዚያ የቀረ ልጅ ወደሚኖርበት አገር በፍጥነት የሚመለስበትን መንገድ ዘርግቷል። ኢትዮጵያ የዚህ ስምምነት አባል አይደለችም። ስለዚህ ልጁ አዲስ አበባ ሄዶ ቢቀር፣ ዳላስ ያለው አባት ያንን መንገድ አያገኝም፤ ኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ቀርቦ በአገሩ ሕግ መከራከር ነው ያለው። ሰውየው የሚፈራው ይህን ከሆነ ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ የአሜሪካ ዳኛም ይህን ያነሳዋል።

የሚሠራው መልስ ቁጣ ሳይሆን ማስረጃ ነው። እናትየው የደርሶ መልስ ቲኬት፣ ልጁ ከበዓል በኋላ የሚመለስበትን ትምህርት ቤት የሚያሳይ ወረቀት፣ የራሷን የሥራና የቤት ኪራይ ማስረጃ፣ የአያቶቹን አድራሻ አዘጋጅታ መጀመሪያ ለአባትየው ትስጠው። ልጁ በየትኛው ቀንና ሰዓት በቪዲዮ እንደሚያናግረው ተስማምተው ቢጽፉት እምቢታ ብዙ ጊዜ ይለዝባል። ካልለዘበ ለፍርድ ቤት ታመለክታለች፤ ዳኛው ጉዞውን በቀን ወስኖ ሊፈቅድ ይችላል፤ አንዳንዴ ማስያዣ ገንዘብ ይጠይቃል። ይህ ሳምንታት ይወስዳል፤ የታኅሣሥ ጉዞ በኅዳር ፍርድ ቤት አይጀመርም። ያለ ፈቃድ ይዞ መሄድ ግን በወንጀል ሊያስጠይቅና ያለውንም የማሳደግ መብት ሊያሳጣ ይችላል።

በጉዞው ቀን አንድ ነገር ብቻ ይቀራል፤ ልጁን ማዘጋጀት። ሠራተኛው እናትየውን ትቶ ልጁን «አብራህ ያለችው ማን ናት? አባትህ የት እንደምትሄዱ ያውቃል?» ብሎ ሊጠይቀው ይችላል። የሰባት ዓመት ልጅ አፍሮ ዝም ካለ ጥርጣሬ ይጨምራል። አስቀድሞ ከአባቱ ጋር በስልክ ቢያወሩና «ከማሚ ጋር አያቶችህ ዘንድ ትሄዳለህ፤ እኔም አውቃለሁ» ቢለው፣ ልጁ የሚመልሰው እውነቱን ነው።

ልጅ ይዘሽ ለምትሄጂው እህቴ፣ ልጅህን ይዘህ ለምትሄደው ወንድሜም፦ የልደት ምስክር ወረቀቱን፣ የፍርድ ቤቱን ውሳኔና የፈቃድ ደብዳቤውን ዋናውን ከነኮፒው በእጅ ቦርሳችሁ ያዙ። ሻንጣ ውስጥ የገባ ወረቀት ፓስፖርት መቆጣጠሪያው ጋ ስትደርሱ እጃችሁ ላይ አይኖርም።